«የመምህሩ አዲስ መጽሐፍ»፦ አማርኛ ተናጋሪዎች ዐረብኛ ሲማሩ የሚፈጽሟቸው የተለመዱ ስሕተቶች

(በጭሮ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል። ለንባብ እንዲመች በንዑሳን ርእሶች ተከፍሏል። የዐረብኛ ቃላት በፊደል ተጽፈዋል።)

የተወለድሁት በዚህችው ከተማ፣ ሁላችንም አሰበ ተፈሪ እያልን እንጠራት በነበረበት ዘመን ነው። አፌን የፈታሁት በአማርኛ ሲሆን፣ ዐረብኛን የተማርሁት ከጎለመስሁ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምዘረዝራቸው ስሕተቶች በሌሎች ላይ ብቻ ያየኋቸው አይደሉም፤ አብዛኞቹን እኔው ራሴ ፈጽሜያቸዋለሁ።

አንድ ዓረፍተ ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለማታ ተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ «ተማሪው የመምህሩን አዲስ መጽሐፍ ከሱቅ ገዛ» ብዬ ጻፍሁና ወደ ዐረብኛ እንዲመልሱት ጠየቅኋቸው። ቃላቱን አስቀድመን ተምረናቸው ነበር። ተማሪ «ጧሊብ»፣ መምህር «ሙዐሊም»፣ መጽሐፍ «ኪታብ»፣ አዲስ «ጀዲድ»፣ ገዛ ደግሞ «ኢሽተራ» እንደሚባል ሁሉም ያውቁ ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የሚከተለውን ጻፉ፦

«አጥ-ጧሊብ አል-ሙዐሊም አል-ጀዲድ ኪታብ ሚን አስ-ሱቅ ኢሽተራ።»

አንዱም ቃል አልጎደለም። ይሁን እንጂ አማርኛ የማያውቅ ዐረብ ይህን ቢያነብ መጀመሪያ የሚረዳው «አዲሱ መምህር» የሚለውን ነው። አዲስነቱ ከመጽሐፉ ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተሻግሯል። መጽሐፉ ከማንም ጋር ሳይዛመድ ብቻውን ቆሟል፤ ገዢውም ማን እንደ ሆነ አይታወቅም። ከዚያም አንዱን ተማሪ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ብጠይቀው፣ «ሙዐሊም» ያለው ቃል በዐረብ ጆሮ መምህር መሆኑ የሚያጠራጥር ሆነ።

የተቀረውን ጊዜ ይህን ዓረፍተ ነገር በመፈታት እናሳልፋለን። መጀመሪያ ድምፆቹን፣ ከዚያ በቃላቱ መጨረሻ ላይ ያለችውን አንዲት ፊደል፣ በመጨረሻም የቃላቱን ተራ እንመለከታለን።

ከጉሮሮ የሚወጡት ድምፆች

የፊደል ገበታችን ሦስት ዓይነት «ሀ» አለው፤ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ እና ብዙኃኑ ኀ። ሁለት ዓይነት «አ»ም አለው፤ አልፉ አ እና ዐይኑ ዐ። በግእዝ እነዚህ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ። በአማርኛ ንግግር ግን ሦስቱ ሀዎች አንድ ሆነዋል፤ ሁለቱ አዎችም አንድ ሆነዋል። ልዩነቱ በጽሕፈት ብቻ ቀርቷል። ዐረብኛ ግን ሁሉንም እስከ ዛሬ ለይቶ ይናገራቸዋል፤ የአንዱ በሌላው መተካትም ቃሉን ይለውጠዋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነኝ የራሴ ውርደት ነው። ጀማሪ ሳለሁ ያስተምሩኝ የነበሩትን አዛውንት ባገኘኋቸው ቁጥር «ከይፈ ሓሉክ» እያልሁ ደኅንነታቸውን እጠይቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። «ሓል» በጉሮሮው ሐ ሲነገር ሁኔታ ማለት ነው። እኔ ግን በአማርኛው ሀ «ሃል» ነበር የምለው። «ሃል» በዐረብኛ እኛ በገበያ ሄል የምንለው ቅመም ነው። ስሕተቴ ሲነገረኝ ደግሞ ከመጠን በላይ ጠንክሬ፣ ምላሴን ወደ ኋላ ስቤ እየፋቅሁ «ኻል» አልሁ። «ኻል» የእናት ወንድም፣ አጎት ነው። እኒያ ደግ ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለ ሄላቸውም ስለ አጎታቸውም ተጠይቀዋል፤ ስለ ራሳቸው ግን አልተጠየቁም።

ሦስቱ የሚለዩት በሚወጡበት ቦታ ነው። ሃ አየሩ ሳይታገድ ከጉሮሮ ሥር የሚወጣበት፣ የአማርኛው ሀ ነው። ኻ የሚወጣው የምላሳችን ኋለኛ ክፍል ወደ ላንቃ ተጠግቶ አየሩን ሲፍቀው ነው። ሓ ከሁለቱ መካከል፣ ጉሮሮ ራሱ ጠበብ ሲል ይወጣል፤ ምላስ አይሠራበትም። ተማሪዎቼን መነጽር ለመወልወል ትንፋሻቸውን እንደሚያወጡ አድርገው እንዲተነፍሱ፣ ከዚያም ጉሮሯቸውን ትንሽ አጥብበው እንዲቀጥሉ አደርጋቸዋለሁ። ድምፁ ከተፋቀ ወደ ኻ አልፈዋል ማለት ነው፤ ምንም ጥበት ካልተሰማ ደግሞ አሁንም በሃ ላይ ናቸው።

ዐይን ከዚህም ይከብዳል። በዐረብኛ ከዐይን የሚጀምረው «ዐ-ለ-መ» የዕውቀት ሥር ነው፤ «ዒልም» ዕውቀት፣ «ሙዐሊም» መምህር ከዚያ ይወጣሉ። በሀምዛ፣ ማለትም በአልፉ አ የሚጀምረው «አ-ለ-መ» ግን የሕመም ሥር ነው፤ «አለም» ሕመም ነው። ያ ተማሪ ጮክ ብሎ ሲያነብ «ሙአሊም» በማለቱ አድማጩን ከዕውቀት ሥር አውጥቶ ወደ ሕመም ሥር ወሰደው። በተመሳሳይ መንገድ «ዐመል» ሥራ ነው፤ «አመል» ተስፋ ነው። በእኛ አማርኛ ደግሞ አመል ጠባይ ስለ ሆነ ተማሪው በሦስት ትርጉሞች መካከል ይቆማል። ከዐረብ አገር የተመለሰች አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በመጀመሪያው ሰሞን ሥራ ፍለጋ ሄዳ «ኡሪዱ አመለን» ብላ መናገሯን አጫውታኛለች። ተስፋ እፈልጋለሁ ማለቷ ነበር። የሰማት ሰው ፈገግ ብሎ «እኛም እንፈልጋለን» አላት። በኋላ ነገሩ ሲገባት እንደሳቀች ነገረችኝ፤ በዚያች ቀን ግን ያለ ሥራ ነበር የተመለሰችው።

ዐይንን ከሀምዛ የምንለይበት ቀላል መፈተኛ አለ። ሀምዛ ጉሮሮ ተዘግቶ የሚከፈትባት ቅጽበት ስለ ሆነች ልናረዝማት አንችልም። ዐይን ግን እየነዘረች ልትረዝም ትችላለች። ተማሪው «ሙዐሊም» ሲል በመካከል ድምፁ ከተቆረጠ ሀምዛ ብሏል፤ ጉሮሮው ጠብቦ ድምፁ ሳይቋረጥ ካለፈ ዐይኑን አግኝቷል።

በዚህ ረገድ የምዕራብ ሐረርጌ ተማሪ ከሌላው የሚሻልበት ነገር አለ። ሚኤሶ ገበያ ውስጥ ከሶማሊ ነጋዴ ጋር ጥቂት የቆየ ሰው ሐ እና ዐ በየደቂቃው ይሰማል። ሶማልኛ ሁለቱንም ይዟል፤ ወተት «ዓኖ»፣ ከብት «ሖሎ» ይባላል። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ያለውም «ዓይኒ» እና «ሓው» እንዲልለት ይጠይቀው፤ ዐይንና ወንድም ማለት ነው። የሐረርጌው የኦሮምኛ ዘዬ ደግሞ «ክ» የሚለውን ድምፅ በብዙ ቃላት ወደ «ኽ» ስለሚያላላው፣ በዚህ ዘዬ ያደገ ተማሪ ኻን ያለ ድካም ይናገራል። በአንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ ተናጋሪው ከአጠገቡ ካለው ልጅ መማር ያለበት አንዱ ነገር ይህ ነው። ሐ እና ዐ ግን ለሁለቱም እኩል አዲስ ናቸው።

ሌላው ረዳት የግእዝ ሥርዓተ ጽሕፈት ነው። በግእዙ ሥርዓት በዐይኑ ዐ የሚጻፈው ዐይን በዐረብኛም በዐይን ይጀምራል። በሐመሩ ሐ የሚጻፈው ሕይወት በዐረብኛ በጉሮሮው ሓ «ሐያ» ነው። ኅብስት በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል፤ ዐረቡም «ኹብዝ» ይላል። ነገር ግን በዘመናችን የፊደሎቹ አጠቃቀም ስለ ተደባለቀ ይህ ረዳት አልፎ አልፎ ያስታል። ኀሙስ በግእዙ ሥርዓት በብዙኃኑ ኀ የሚጻፈው አምስተኛ ቀን ስለ ሆነ ነው፤ ዐረብኛውም «አል-ኸሚስ» ነው። ዛሬ ብዙ ሰው «ሐሙስ» ብሎ በሐመሩ ሐ ይጽፈዋል፤ ፊደሉን ያመነ ተማሪም «አል-ሐሚስ» ይላል። ስለዚህ ፊደሉን መመስከር ያለብን የግእዝ መዝገበ ቃላት ስናይ እንጂ ጋዜጣ ስናይ አይደለም።

የሚፈነዱና የሚከብዱ

ወደ «ጧሊብ» እንለፍ። አማርኛ ጠ፣ ቀ እና ጸ ስላሉት ተማሪው የዐረቦቹን ጧእ፣ ቃፍና ሷድ ያገኛቸው ይመስለዋል። ይህ ከሁሉ የሚያታልል ስሕተት ነው፤ የማይታወቅ ድምፅ ሰው ይጠነቀቅለታል፣ የሚታወቅ የሚመስለውን ግን አይጠራጠርም።

የአማርኛው ጠ የሚሠራው ጉሮሮ ተዘግቶ አየሩ በአፍ ውስጥ ሲታመቅና ሲፈነዳ ነው። የዐረቡ ጧእ አይፈነዳም። የምላስ ጫፍ እንደ ተራው ተ በጥርስ ሥር ይቀመጣል፤ በዚያው ጊዜ የምላስ ሥር ወደ ጉሮሮ ይሸሻል። ድምፁ ይከብዳል፤ ክብደቱም ከተነባቢው ይልቅ በሚከተለው አናባቢ ላይ ይሰማል። «ቲን» በለስ ነው፤ «ጢን» በክብዱ ሲነገር ጭቃ ነው። በአማርኛው ፈንጂ ጠ የሚናገር ሰው ዐረቡ የትኛውን እንዳለ ሊያመነታ ይችላል፤ ምክንያቱም የሚጠብቀውን የአናባቢ ጥቁረት አያገኝም።

የአገራችን ጸሐፊዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ በጆሯቸው ይዘውታል። በአማርኛ የእስልምና ጽሑፎች ውስጥ «ሰላት» ሳይሆን «ሶላት»፣ «ሰደቃ» ሳይሆን «ሶደቃ»፣ «ረመዳን» ሳይሆን «ረመዷን» ተብሎ ሲጻፍ የምናየው ለዚህ ነው። ክብደቱን በተነባቢው ሊያሳዩት ስላልቻሉ አናባቢውን አከበዱት። የሶዋን ከንፈር ማሾል እናስወግድና የድምፁን ጥቁረት ብቻ እንያዝ፤ ያን ጊዜ ወደ ሷድ በጣም ተጠግተናል።

ለሷድ ግልጽ የሆነ መፈተኛ አለ። «ሰይፍ» በቀላሉ ስ ሰይፍ ነው፤ በከባዱ ሷድ ግን «ሷይፍ» በጋ ነው። አንዳንዱ ተማሪ በአማርኛው ጸ «ጸይፍ» ይላል፤ ሌላው ጸን በመፍራት «ሰይፍ» ብሎ በጋውን ሰይፍ ያደርገዋል። ሷድ እንደ ስ እየፏጨ ይረዝማል። ድምፁን ሦስት እስክትቆጥሩ ልታስረዝሙት ከቻላችሁ ትክክል ናችሁ። መጀመሪያው ላይ ፈንድቶ ካለቀ ግን ያላችሁት የአማርኛውን ጸ ነው።

ቃፍም እንዲሁ ነው። «ቀልብ» ልብ፣ «ከልብ» ውሻ ነው። የአማርኛው ቀ የሚወጣው ከከ ቦታ ስለ ሆነና ልዩነቱ በፍንዳታው ብቻ ስለሚገኝ፣ ለፍንዳታ ትኩረት የማይሰጥ የዐረብ ጆሮ «ከልብ» ብሎ ሊሰማው ይችላል። ዐረቡ ቃፍን የሚያወጣው የምላሱን ሥር በእንጥል ላይ በማሳረፍ፣ ከከ በስተኋላ ነው። እዚህም የሚኤሶው ነጋዴ ይረዳናል፤ የሶማልኛው ቃፍ ከዐረቡ ጋር እጅግ ይቀራረባል።

አንድ ነገር ላክል። ቁርኣን በመድረሳ የቀሩ ተማሪዎች ሲያነቡ እነዚህን ድምፆች ሁሉ አጥርተው ይናገራሉ፤ የእያንዳንዱን ፊደል መውጫ፣ መኽረጅ የሚሉትን፣ ተምረውታል። መጽሐፉን ዘግተው ወሬ ሲጀምሩ ግን ወደ አማርኛው ይመለሳሉ። አንደበታቸው ችሎታው አለው፤ ልማዱ ግን ለንባብ ብቻ ተመድቧል። ለእነዚህ ተማሪዎች አዲስ ልምምድ አያስፈልጋቸውም። የሚያውቁትን አንድ ቃል ከንባባቸው አውጥተው በተራ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንዲደግሙት ማድረግ ይበቃል።

«ኪታቡን»

ወደ ቃላት ተራ ከመግባታችን በፊት በአንዲት ን ላይ ጥቂት እንቆይ። በከተማችን አማርኛ «ኪታቡን አምጣልኝ» ሲባል ትሰማላችሁ። ኡ የታወቀ መሆኑን፣ ን ደግሞ ተሳቢ መሆኑን ታሳያለች። በዐረብኛም «ኪታቡን» የሚል ቃል አለ፤ በጆሮ ሲሰማ ያው ነው። የዐረቡ «ኪታቡን» ግን ያልታወቀ፣ «አንድ መጽሐፍ» ማለት ሲሆን፣ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ባለቤት እንጂ ተሳቢ አይደለም። አንዱ ቅርጽ በሁለቱ ቋንቋዎች ፍጹም ተቃራኒ ሥራ ይሠራል።

ለዚህ ነው ብዙ ተማሪዎቼ «መጽሐፉን ገዛሁ» ለማለት «ኢሽተረይቱ ኪታቡን» የሚሉት። ዐረቡ የሚለው «ኢሽተረይቱል-ኪታበ» ነው። መታወቁን ከፊት ያለችው «አል» ትነግረናለች፤ ተሳቢነቱን መጨረሻ ላይ ያለችው «በ» ትነግረናለች፤ ኑም ትጠፋለች፤ አል ያለበት ቃል ኑን አይቀበልምና። በባህላዊው ትምህርት ቤት አጅሩሚያን የተማረ ሰው ደንቡን በቃሉ ይደግመዋል፤ በንግግር ጊዜ ግን የአማርኛዋ ን ትቀድመዋለች። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ተማሪው መጨረሻ ላይ ን ሲሰማ «አንድ» ብሎ እንዲተረጕም ይልመድ፤ ኪታቡን፣ አንድ መጽሐፍ፤ በይቱን፣ አንድ ቤት።

ቃላት ተራቸውን ሲለቁ

አማርኛ ገላጩን ከተገላጩ፣ ባለንብረቱን ከንብረቱ፣ ሌላውን ሁሉ ከግሡ ያስቀድማል። ዐረብኛ በሦስቱም ተቃራኒ ነው። አሁን ዓረፍተ ነገራችንን ደረጃ በደረጃ እናስተካክል።

መጀመሪያ ግሡ። በጽሑፍ ዐረብኛ ግሥ ይቀድማል፤ «ኢሽተራ» ከሁሉ ፊት ይመጣል፤ ቀጥሎ ባለቤቱ «አጥ-ጧሊቡ»። ባለቤቱን ማስቀደምም ይቻላል፤ ግሡን መጨረሻ ላይ መጣል ግን አድማጩን እስከ ፍጻሜ ያንከራትተዋል። እዚህ ላይ እርማት ራሱ የሚወልደው ሌላ ስሕተት አለ። ግሡን ማስቀደም የለመደ ተማሪ «ተማሪዎቹ መጡ» ለማለት «ሐዷሩ-ጥ-ጡላብ» ብሎ ግሡን ያበዛል፤ በአማርኛ ግሥ ሁልጊዜ ከባለቤቱ ጋር በቍጥር ይስማማልና። የጽሑፍ ዐረብኛ ግን ግሡ ከቀደመ በነጠላ ይቀራል፤ «ሐዷረ-ጥ-ጡላብ»። የሚበዛው ባለቤቱ ሲቀድም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ንብረቱና ባለንብረቱ። «የመምህሩ መጽሐፍ» በዐረብኛ «ኪታቡል-ሙዐሊም» ነው፤ መጽሐፉ ይቀድማል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ ይመስላል፤ ነገር ግን ከግእዝ የወረስናቸው ቃላት ሁሉ እንዲህ ናቸው። ቤተ መጻሕፍት እንላለን እንጂ መጻሕፍተ ቤት አንልም። ቤተ መንግሥትም፣ ሥርዓተ ትምህርትም እንዲሁ ናቸው። ተማሪው በዐረብኛ «የ» ለማለት ሲፈልግ አማርኛውን ትቶ ቤተ መጻሕፍትን ያስብ፤ ተራው ራሱ ይመጣለታል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ይጨምር፤ የፊተኛው ቃል አል አይወስድም። «አል-ኪታቡል-ሙዐሊም» የሚለው በደብተሮች ላይ ደጋግሜ የምሰርዘው ነው።

ሦስተኛው ቅጽሉ ነው። አማርኛ «ትልቁ ቤት» ሲል መታወቁን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በቅጽሉ ላይ ያሳያል። ተማሪው ይህን በቀጥታ ወስዶ «አል-ከቢር በይት» ይላል። ዐረቡ «አል-በይቱል-ከቢር» ይላል፤ ስሙ ይቀድማል፣ አልም በሁለቱ ላይ ትደገማለች። ሁለተኛዋን አል ብትረሷት «አል-በይቱ ከቢር» ይሆናል፤ ትርጉሙም «ቤቱ ትልቅ ነው» ነው። ዐረብኛ ለአሁን ጊዜ «ነው» የለውም፤ በሐረግና በዓረፍተ ነገር መካከል ያለው ልዩነት ያች አንዲት አል ናት። ያለ ነው መናገር የሚጎድልበት ተማሪ «የኩን» የሚል ግሥ ያስገባል፤ «አል-በይቱ የኩኑ ከቢር»። ዐረቡ ይህን ሲሰማ «ቤቱ ወደፊት ትልቅ ይሆናል» ማለቱ ይመስለዋል።

አሁን የተስተካከለው ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦

«ኢሽተረ-ጥ-ጧሊቡ ኪታበል-ሙዐሊሚል-ጀዲደ።»

ቅጽሉ «ጀዲድ» ከመጽሐፉም ከመምህሩም በኋላ መጥቷል፤ በመካከላቸው አይገባም። ታዲያ አዲሱ ማን እንደ ሆነ በምን እናውቃለን? በመጨረሻው አናባቢ ነው። «ጀዲደ» ካልን ተሳቢ ከሆነው «ኪታበ» ጋር ይስማማል፤ አዲሱ መጽሐፉ ነው። «ጀዲዲ» ካልን ከ«ሙዐሊሚ» ጋር ይስማማል፤ አዲሱ መምህሩ ነው። በአማርኛ በቦታ የምንለየውን ዐረብኛ በስምምነት ይለየዋል።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ከተሞች ለሥራ ወደ ዐረብ አገሮች የሚሄዱ ልጆቻችን የሚፈርሙበት ውል በዐረብኛም ይጻፋል። አንድ ቀን አንድ ወጣት «ኡጅረቱል-ዓሚሊሽ-ሸህሪያ» የሚል ሐረግ ያለበት ወረቀት ይዞልኝ መጣ። ኡጅራ ደመወዝ፣ ዓሚል ሠራተኛ፣ ሸህሪ የወር ማለት መሆኑን ያውቃል። «የወር» የሚለው ከ«ሠራተኛ» አጠገብ ስላለ «የወር ሠራተኛ ደመወዝ» ብሎ ተረጐመውና የተቀጠረው ለአንድ ወር ብቻ መስሎት ደነገጠ። ወረቀቱን አብረን አየነው። «ሸህሪያ» በአንስታይ መድረሻ ተጽፏል። ዓሚል ተባዕታይ ነው፤ ኡጅራ አንስታይ ናት። ስለዚህ የወር የሆነው ደመወዙ ነው፤ «የሠራተኛው ወርኃዊ ደመወዝ»። ሠራተኛው የወር ቢሆን ኖሮ «አሽ-ሸህሪ» ተብሎ በተባዕታይ ይጻፍ ነበር። በአማርኛ ዓይን ያነበበው ለጐረቤቱ ሰጠው፤ በዐረብኛ ዓይን ሲነበብ ለሚስማማው ተሰጠ። ቅጽል ስታዩ «ከአጠገቡ ማን አለ?» አትበሉ፤ «ከማን ጋር ይስማማል?» በሉ።

የቀረን «ከሱቅ» ነው። ሱቅ ከዐረብኛ የወሰድነው ቃል ስለ ሆነ ማንም አይጠራጠረውም። በዐረብኛ ግን «ሱቅ» ገበያው በሙሉ ነው፤ አንዷ የዕቃ መሸጫ «ዱካን» ትባላለች። ስለዚህ ትክክለኛው መጨረሻ «ሚነድ-ዱካን» ነው። የተዋስነውን ቃል ለባለቤቱ ስንመልስ ትርጉሙ እኛ ዘንድ ሳለ መጥበቡን ማስታወስ አለብን።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

*ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሳዑዲ ዐረቢያ የቆዩ ሰዎች ልብን «ገልብ» ይላሉ። ዐረቦቹ ራሳቸው ቃፍን ካልተናገሩ እኛ ለምን እንቸገራለን?*

ጥሩ ጥያቄ ነው። በሳዑዲ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በብዙው የየመን ክፍል በዕለት ንግግር ቃፍ «ገ» ይሆናል። ልብ በሉ ግን፤ ገልብ የሚለው ሰው ውሻን ገልብ አይልም። ድምፁን ለወጠው እንጂ ልዩነቱን አላጠፋውም። የእኛ ስሕተት ሁለቱን አንድ ማድረጋችን ነው። ቃፍ አልወጣ ያለው ሰው በንግግር «ገ» ቢል ይግባባል፤ «ከ» ቢል ግን አይግባባም።

*ጥያቄ፦ በንግግር የመጨረሻ አናባቢዎች አይነገሩም። ታዲያ አዲሱ መጽሐፉ ይሁን መምህሩ በምን ይለያል?*

እውነት ነው፤ በዕለት ንግግር «ጀዲደ» እና «ጀዲዲ» ሁለቱም «ጀዲድ» ናቸው። እንደ ውሉ ሐረግ ጾታ ካልለየው ተናጋሪው ራሱ ሐረጉን ይሰብረዋል። በየመንና በሒጃዝ «አል-ኪታብ አል-ጀዲድ ሐግ አል-ሙዐሊም» ይላሉ፤ «አዲሱ መጽሐፍ፣ የመምህሩ የሆነው» እንደ ማለት ነው። ቅጽሉን ከስሙ ጋር አጣብቀው ባለቤቱን ወደ ኋላ ይተዉታል። መጨረሻዎቹ በወደቁበት ንግግር የቃላት ተራ የበለጠ ሸክም ይሸከማል እንጂ አያንስበትም። አማርኛውን ተራ ይዞ የሚሄድ ሰው በዚያ የሚደግፈው ነገር የለም።

*ጥያቄ፦ ከሁሉ በፊት የቱን እናርም?*

እኔ ዐይንን አስቀድማለሁ። ሰዋስው የተሳሳተበትን ሰው አድማጩ መልሶ ይጠይቀዋል፤ ጽሑፍም ከሆነ ተመልሶ ይታረማል። ዐይን የሌለው ቃል ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ትክክለኛ ቃል ስለሚሆን ስሕተት መሆኑ እንኳ አይታወቅም። ያች ልጅ «ተስፋ እፈልጋለሁ» ስትል ሰዋስዋ እንከን አልነበረበትም።